የጠፋው አንድ ሜትር ኮር ከየት ነው የጠፋው?

ጥያቄ፦ «በወሎ፣ ዋግ ውስጥ ከሰቆጣ ራቅ ብሎ በወርቅ ፍለጋ ቁፋሮ ላይ ኮር፣ ማለትም ከጉድጓዱ ተቆርጦ የሚወጣውን ዱላ መሰል ዓለት፣ የምመዘግብ ጀማሪ ጂኦሎጂስት ነኝ። በኤች.ኪው. መጠን ስንቆፍር ከ84 እስከ 87 ሜትር ያለው ዙር 1.86 ሜትር ኮር ብቻ ሰጠን፤ ተከታዩ ከ87 እስከ 88.50 ያለው ዙር ደግሞ 1.62 ሜትር ሰጠን። ሪከቨሪውን፣ ማለትም ከተቆፈረው ርዝመት በኮር የወጣውን ድርሻ፣ 62 እና 108 በመቶ ብዬ መዘገብኩ። በመጀመሪያው ዙር 10 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት ቁራጮች ድምር 0.62 ሜትር ስለሆነ የዓለቱን ጤንነት መለኪያ አር.ኪው.ዲ.ን 33 በመቶ አልኩ። ሳጥኑ ላይ ለክቼ ከ85 እስከ 87 ሜትር ብዬ የላክሁት ግማሽ ኮር በቶን 6.4 ግራም ወርቅ አሳየ። አለቃዬ ‹ኮሩን አራርቀህ ዘርጋና ሦስት ሜትር አድርገው፤ 108 የሚለውንም 100 በለው› ይለኛል። ልክ ነው? የሳጥኑን ፎቶና የየቁራጩን ርዝመት አያይዣለሁ፤ መሃሉ ነጣ ያለ ለስላሳ ሸክላና የኳርትዝ ስብርባሪ ነው።»

ምላሽ፦ ልክ አይደለም። ኮርን አራርቆ መዘርጋት ከጉድጓዱ ያልወጣን ዓለት ወጥቷል ብሎ መመስከር ነው፤ አታድርገው። ሆኖም ያንተም መዝገብ መታረም ያለበት ቦታ አለው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ያልጠየቅከው ነገር ነው፤ 62 በመቶ የሚለው ቁጥር። ቁጥሩ በሦስቱ ሜትር ውስጥ ምን ያህል እንደጎደለ ይነግርሃል እንጂ የት እንደጎደለ አይነግርህም። ወርቅ ፍለጋ ላይ ግን ዋናው ጥያቄ የት የሚለው ነው።

በመጀመሪያ 108 በመቶን እንፍታው። ከተቆፈረው በላይ ኮር ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ከ100 የሚበልጥ ቁጥር ሲመጣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነገር አለ ወይም ልኬቱ ተሳስቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዙሩ ሲያልቅ ቆፋሪው ዘንጉን ወደ ላይ ይስባል፤ በበርሜሉ ጫፍ ያለው ቀለበት ኮሩን ጨብጦ ከሥሩ ይሰብረዋል። ቀለበቱ ካረጀ ወይም ኮሩ ካሟለጨው የኮሩ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ይቀራል። ቀጣዩ ዙር ያንን ቁራሽ ቀድሞ ይውጥና የራሱን ይጨምራል። ያንተ 12 ሳንቲሜትር ትርፍ ይህ ይመስላል፤ ግን ከመደምደምህ በፊት አረጋግጥ። ከ87 ሜትር ምልክት በላይ ያለውን የመጨረሻ ቁራጭና ከምልክቱ በታች ያለውን የመጀመሪያ ቁራጭ አንስተህ ጫፍ ለጫፍ አገጣጥም። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረ ቁራሽ ከሆነ በሁለተኛው ዙር መነሻ ላይ ሻካራና ትኩስ ስብራት ታያለህ፤ ከላይኛው ጋርም እንደ ሸክላ ስባሪ ይገጥማል። በጎኑም ቀለበቱ የተወው ጭረት አንዳንድ ጊዜ ይታያል።

ከገጠመ 12 ሳንቲሜትሩ የላይኛው ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ኮር 1.98 ሜትር፣ ሪከቨሪውም 66 በመቶ ይሆናል፤ ሁለተኛው 1.50 ሜትር፣ ማለትም 100 በመቶ ይሆናል። አለቃህ ያለህ «100» የሚለው ቁጥር ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም ነገሩ አንድ አይደለም። እርሱ ትርፉን እንድትሰርዝ ነው የሚፈልገው፤ እኔ ወደ ባለቤቱ እንድትመልሰው ነው የምልህ። የመጀመሪያውንም ልኬት አትደምስስ። የተለካው በአንድ ዓምድ፣ የታረመው በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፤ ለምን እንደታረመም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ቁራጮቹ ካልገጠሙ ግን ጉዳዩ ይከብዳል፤ ከቆፋሪው ጋር ዘንጎቹን ቁጠሩ፣ የበርሜሉን ርዝመት ደምሩ፣ ከመሬት በላይ የቀረውን ቀንሱ። የጥልቀት ስህተት ከተገኘ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ይንሸራተታል።

አሁን ወደ ጎደለው እንሂድ። ከ3.00 ሜትር 1.98 ከተገኘ የጠፋው 1.02 ሜትር ነው። ከላክኸው ልኬት እንደማየው፣ ከላይ 0.95 ሜትር ጠንካራ አረንጓዴ ሜታቮልካኒክ ዓለት አለ፤ ቁራጮቹም እርስ በርስ ይገጥማሉ። ቀጥሎ 0.60 ሜትር ሸክላና የኳርትዝ ስብርባሪ አለ። ከሥሩ እንደገና 0.31 ሜትር ጠንካራ ዓለት አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ የነበረው 0.12 ሲጨመርበት 0.43 ሜትር ይሆናል። ጠንካራዎቹ ክፍሎች ውስጣቸው ያለ ክፍተት የሚገጥም ከሆነ ከእነርሱ የጎደለ ነገር የለም። ስለዚህ የላይኛው ከ84.00 ይጀምርና 84.95 ላይ ያልቃል። የታችኛው 87.00 ላይ እንዲያልቅ ካደረግከው ደግሞ መነሻው 86.57 ነው። በሁለቱ መካከል 1.62 ሜትር አለ። ከዚያ 1.62 ሜትር የወጣልህ 0.60 ብቻ ነው። ይህ 37 በመቶ ነው።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ጠንካራው ዓለት መቶ በመቶ ወጣ፤ የምትፈልገው ዞን ከግማሽ በታች ወጣ፤ ሁለቱ ተደባልቀው 66 የሚል ገር ቁጥር ሰጡህ። ስለዚህ ሪከቨሪን በዙር ከለካህ በኋላ በዓለት ክፍል ደግሞ ለካው። በሳጥኑ ላይ ከ0.60 ሜትሩ አጠገብ «ኮር የጠፋበት፣ 1.02 ሜትር፣ ከ84.95 እስከ 86.57 ባለው ውስጥ» የሚል ምልክት አኑር። ጥፋቱ ከዞኑ ራስ ይሁን ከእግሩ የማይታወቅ ከሆነ እንደማይታወቅ ጻፍ። ለመገመት የሚረዱ ምልክቶች ግን አሉ፦ ጫፋቸው ተፍጭቶ እንደ ጠጠር የተድበለበሉ ቁራጮች ጥፋቱ እዚያው አጠገብ መሆኑን ይናገራሉ። ቆፋሪው በምን ጥልቀት የመቁረጫው ጫፍ፣ ቢቱ፣ ድንገት እንደፈጠነ፣ የሚመለሰው ውሃ መቼ እንደነጣ ወይም እንደጠፋ ጠይቀው። ይህን በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ነው የምትጠይቀው፤ በማግሥቱ ማንም አያስታውሰውም።

አር.ኪው.ዲ.ን በተመለከተ ያካፈልከው በተሳሳተ ቁጥር ነው። መለኪያው 10 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ጤነኛ ቁራጮች ድምር ለተቆፈረው ርዝመት ሲካፈል ነው፤ ለወጣው ኮር አይደለም። 0.62 ለ1.86 ሲካፈል 33 በመቶ ሰጠህ፤ ለ3.00 ሲካፈል ግን 21 በመቶ ነው። በተለመደው አመዳደብ ከ25 በታች «በጣም ደካማ»፣ ከ25 እስከ 50 «ደካማ» ስለሆነ ስህተትህ ዓለቱን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎታል። ለወጣው ኮር ስታካፍል የጠፋውን ዓለት ከወጣው ጋር እኩል ጤነኛ ነው ብለህ መመስከርህ ነው፤ የጠፋው ግን በመድከሙ ነው የጠፋው። ከላይኛው ዙር ጋር የተቀላቀለው 12 ሳንቲሜትር በፎቶው ላይ በአጫጭር የተፈጥሮ ስንጥቆች የተከፋፈለ ስለሆነ ድምሩን አይለውጠውም። በእጅህ ስታገጣጥመው ግን በቀለበቱ ስብራት ላይ ያሉት ሁለት ቁራጮች ተጋጥመው 10 ሳንቲሜትር የሚሞሉ ከሆነ ቁጠራቸው፤ ማሽን፣ መዶሻ ወይም ሳጥን ውስጥ ማስገባት የሰበረው ኮር እንዳልተሰበረ ይቆጠራልና። በተፈጥሮ የተሰነጠቀ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ፣ የዛገ ወይም በሸክላና በክሎራይት የተለበሰ ነው፤ በሰው እጅ የተሰበረው ንጹሕና ሻካራ ነው። ርዝመቱንም በኮሩ መሃል መሥመር ለካ።

እግረ መንገዴን አንድ የተለመደ መምታታት ላርም። ይህን መለኪያ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዶን ዲር በ1960ዎቹ ያወጣው ለዋሻና ለመሠረት ሥራ ነው፤ ስለ ማዕድን ሀብት የሚናገረው የለም። አንዳንድ ሪፖርት ላይ ዝቅተኛ አር.ኪው.ዲ. እንደ መጥፎ ዜና ተጽፎ አነባለሁ። ወርቅ የሚያመጣው ፈሳሽ የሚሄደው በተሰባበረ ዓለት ውስጥ ስለሆነ የምትፈልገው ዞን ዝቅተኛ ቁጥር ቢያሳይ የሚገርም አይደለም።

ናሙናው ላይ ደግሞ ልብ ብለህ ተከተለኝ። ሳጥኑ ላይ ከ84 ጀምረህ አንድ ሜትር ለክተህ «እዚህ 85 ነው» ብለሃል፤ ከዚያ እስከ ዙሩ መጨረሻ ያለውን ከ85 እስከ 87 ብለህ ከረጢት ውስጥ ከትተሃል። በከረጢቱ ውስጥ የነበረው ግን 0.86 ሜትር ኮር ነው፦ 0.55 ሜትር የዞኑ ዕቃ፣ 0.31 ሜትር ደግሞ በእውነት ከ86.57 በታች የሚገኝ ጠንካራ ዓለት። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው አንድ ውጤት ሰጡህ። በወረቀት ላይ 2 ሜትር በ6.4 ግራም፣ ማለትም 12.8 ግራም-ሜትር ይነበባል። በእጅህ ያለው ኮር የመሰከረው ግን 0.86 በ6.4፣ ማለትም 5.5 ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ማንም ያላየው ዓለት ላይ የተዘረጋ ግምት ነው።

ይህን ከቢሮ ሳትወጣ በሚዛን መያዝ ትችል ነበር። የኤች.ኪው. ኮር ዲያሜትር 63.5 ሚሊሜትር ስለሆነ የአንድ ሜትር ኮር ይዘት ከ3.2 ሊትር ትንሽ ያንሳል፤ ዓለቱ በሊትር 2.7 ኪሎግራም የሚመዝን ከሆነ 8.5 ኪሎግራም ገደማ ይሆናል፣ ግማሹም 4.3 ኪሎግራም። «ሁለት ሜትር» የተባለ ግማሽ ኮር 8.5 ኪሎግራም መሆን ሲገባው ከረጢትህ ከ4 ኪሎግራም በታች ነበር። ላቦራቶሪው የተረከበውን ክብደት ከውጤቱ ጋር ልኮልህ ከሆነ አሁኑኑ ተመልከተው። ሸክላ ከዚህ ይቀላል፤ ነገር ግን በግማሽ አይቀልም።

የጠፋው ዓለት ከተገኘው ይሻላል ወይስ ይከፋል? ወደ መልሱ የሚያቀርብህ የዓለቱን መለወጥ፣ አልተሬሽኑን፣ የጻፍክበት መዝገብህ ነው። በፎቶው ላይ ካለው ነጭ ለስላሳ ነገር አብዛኛው ሴሪሳይት የሚባለው ደቃቅ ነጭ ሚካና ሸክላ ይመስላል፤ በትኩስ ፈሳሽ የተለወጠ የዞኑ ግድግዳ ማለት ነው። ውሃው ያጠበው ይህን ነው፤ የቀሩልህ የኳርትዝ ጉልቻዎች ናቸው። ወርቁ በኳርትዙ ውስጥ ከሆነ ናሙናህ ከእውነቱ በላይ ሀብታም ሆኗል። ወርቁ ከፓይራይት ጋር በሸክላው ውስጥ ወይም በስንጥቅ ላይ የተበተነ ደቃቅ ከሆነ ደግሞ ከውሃው ጋር ሄዷል፤ ናሙናህ ድሃ ሆኗል። ሁለቱም ይሆናሉ፤ ከአንድ ጉድጓድም አይፈረድም። የብዙ ጉድጓዶች ውጤት ሲኖርህ ሪከቨሪን በአንድ ዘንግ፣ ግራሙን በሌላ ዘንግ አድርገህ ነጥቦቹን አስቀምጥ፤ ሪከቨሪ ሲወርድ ግራሙ ወጥ በሆነ መንገድ ከወጣ ወይም ከወረደ አድልዖ አለ። የአውስትራሊያው የማዕድን ሀብት ሪፖርት አቀራረብ ደንብ፣ ጆርክ፣ በሪፖርት ሠንጠረዡ ላይ በሪከቨሪና በግራም መካከል ግንኙነት መኖር አለመኖሩ እንዲገለጽ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ለመዝገብህም አንድ ምክር ልጨምር። «አልተሬሽን፦ ሸክላ፣ ኃይለኛ» ብሎ መዝጋት አይበቃም። የአየር ንብረት ያመጣው ሸክላ ከላይ ይጀምራል፣ ወደ ጥልቅ ሲወርድ ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜም በዛገ ቀለም ነው የሚታየው። ትኩስ ፈሳሽ ያመጣው ከስንጥቁ ይጀምርና ወደ ግድግዳው እየደከመ ይሄዳል። በ85 ሜትር ላይ በሁለቱም በኩል ትኩስ አረንጓዴ ዓለት ካለ ሁለተኛው ይመስላል፤ ግን ከላይኛው 0.95 ሜትር ውስጥ ሴሪሳይቱ ከየት እንደጀመረ፣ ክሎራይቱ የት እንዳበቃ፣ ፓይራይቱ በመቶ ስንት እንደሆነ በየክፍሉ ጻፍ። ወሎ ውስጥ ስለምትሠራ ይህን ልጠቁምህ፦ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ባለው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ባዛልት ላይ የተማረ ሰው በአረፋ ቀዳዳዎች ውስጥ አረንጓዴ ሸክላና ነጭ ዚዮላይት አይቶ ለምዷል፤ በሁለት የላቫ ንጣፍ መካከል ያለው ቀይ አፈር በቁፋሮ ታጥቦ ሲጠፋም የሚጨነቀው ስለ መሠረት ጥንካሬ ነው። በዋግ ጥንታዊ ዓለት ውስጥ ግን አረንጓዴና ነጭ ሌላ ታሪክ ይናገራሉ፤ ታጥቦ የጠፋው ንጣፍም ራሱ የምትፈልገው ነው። የባዛልቱን ልማድ ይዘህ ወደዚህ አትምጣ።

ኮሩ ለምን ጠፋ? ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ውሃና ጥድፊያ ነው። በሚዞረው በርሜልና በውስጠኛው የኮር ቱቦ መካከል ወርዶ በቢቱ ፊት በኃይል የሚያልፈው ውሃ ለስላሳውን ያጥበዋል፤ ልል የሆነ ኳርትዝም ቱቦው አፍ ላይ ተወትፎ ከሥሩ የሚመጣውን ይፈጨዋል። ቆፋሪው የሚከፈለው በሜትር ከሆነ ለስላሳ ዞን ሲያገኝ መፍጠን ያምረዋል፤ ለስላሳ ዞን ግን ዝግታ ነው የሚፈልገው። በዋግ ደግሞ ውሃ በቦቴ ስለሚመጣ ፖሊመር የተቀላቀለበትን የቁፋሮ ጭቃ ትቶ ባለው ጥሬ ውሃ የመቆፈር ፈተና አለ። እኔም አንድ ጊዜ በደረቅ ወቅት ለመቆጠብ ብዬ ይህን ፈቅጄ የአንድ ዞን ሙሉ ኮር አጥቻለሁ፤ የዳነው ውሃ የጉድጓዱን ድጋሚ ቁፋሮ ወጪ አልሸፈነም።

አሁን በእጅህ ያለው አማራጭ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ያለውን ማዳን ነው። የቀረውን ግማሽ ኮር እንደገና በዓለት ክፍል ከፋፍለህ ላክ፦ ከዞኑ በላይ ያለው ለብቻ፣ 0.60 ሜትሩ ለብቻ፣ ከዞኑ በታች ያለው 0.43 ሜትር ለብቻ። ሸክላውን በመጋዝ አትቁረጥ፤ የመጋዙ ውሃ የቀረህንም ያጥበዋል፤ በቢላዋ ለሁለት ክፈለው። ከመንካትህ በፊትም ኮሩን እርጥብም ደረቅም አድርገህ ፎቶ አንሣው፤ ቀሪው ግማሽ ካለቀ ምስክር የሚሆንህ ፎቶው ብቻ ነው። ይህ የተደባለቀውን ይለየዋል፤ የጠፋውን ግን አይመልስም።

ሁለተኛው ጉድጓዱ ገና ካልፈረሰ የጋማ ጨረር መለኪያ ማውረድ ነው። ሴሪሳይት ፖታሲየም ስላለው የዞኑን ትክክለኛ ራስና እግር ሊያሳይህ ይችላል፤ 84.95 እና 86.57 ያልነውን ግምት ወደ ልኬት ይቀይረዋል። ስለ ወርቁ ግን ምንም አይነግርህም።

ሦስተኛው እንደገና መቆፈር ነው፤ የኔም ምክር ያለ ማመንታት ይህ ነው። በ37 በመቶ ሪከቨሪ የተገኘ ውጤት በሀብት ስሌት ውስጥ መግባት የለበትም። ከዚህ ጉድጓድ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ባለ ሦስት ቱቦ በርሜል ተጠቅማችሁ ቆፍሩ። ሦስተኛው ቱቦ ለሁለት የተሰነጠቀ ሆኖ ኮሩን ሳያንኳኩ ለማውጣት ያስችላል፤ ኮሩ በትንሹ ይቀጥናል፣ 61.1 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህ መቅጠን ግን ለሚያስገኘው ጥቅም የሚከፈል ተገቢ ዋጋ ነው። ከ80 ሜትር ጀምሮ እስከ 90 ሜትር ድረስ እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሜትር አይለፍ፤ የውሃው ግፊት ይቀነስ፣ ፖሊመር ይቀላቀል፣ ኮር ያዡ ቀለበት አዲስ ይሁን። የዞኑና የግድግዳው መገናኛ ከኮሩ መሃል መሥመር ጋር በምን ማዕዘን እንደሚሄድ ለካ፤ በአዲሱ ጉድጓድ ዞኑ በሌላ ጥልቀት ሊመጣ ስለሚችል ቆፋሪው ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በማሽኑ አጠገብም አንተ ራስህ ቁም። በቀጣዩ ውል ላይ ደግሞ በዞኑ ውስጥ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ሪከቨሪ በቁጥር ይጻፍ፤ ከዚያ በታች የወጣ ሜትር ክፍያው እንዲቀንስ ይደረግ።

ያ እስኪሆን ድረስ 6.4 ግራም የሚለው ውጤት ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ነገር ግን ከጎኑ ሪከቨሪው 37 በመቶ መሆኑ፣ ናሙናውም የተደባለቀ መሆኑ ይጻፍ። ለጠፋው 1.02 ሜትር ዜሮም የጎረቤቱንም ግራም አትስጠው፤ «ናሙና የለም» የሚል ምልክት ይሁን። ዜሮ ማለት ተመርምሮ ባዶ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ ይህ ዓለት ግን አልተመረመረም። ለአለቃህም ኮሩን አራርቀህ ከዘረጋህ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ የ84.95ንና የ86.57ን ስሌት በወረቀት አድርገህ፣ የተገጣጠሙትን ቁራጮች እያሳየህ በሳጥኑ ፊት አስረዳው።